‘ብቻ’ የት ትቀመጥ? በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል የሚላክ ኢሜይል ትርጉሙ እንዴት ይዛባል?

“ደረሰኙን ብቻ አትላኩ።”

ይህች ሦስት ቃል ያላት ዐረፍተ ነገር ከአዲስ አበባ ተነስታ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደረሰች እንበል። የሚያነባት ሰው ሁለት ነገር ሊረዳ ይችላል። አንደኛው “ደረሰኙ ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎቹንም ሰነዶች ጨምራችሁ ላኩ” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “ሌላውን ሁሉ ላኩ፤ ደረሰኙን ግን ተዉት” የሚል ነው። በመጀመሪያው ንባብ ደረሰኙ ይላካል፤ በሁለተኛው አይላክም።

ዐረፍተ ነገሯ በስልክ ብትነገር ኖሮ ችግር አይፈጠርም ነበር። ተናጋሪው ‘ብቻ’ ላይ ድምፁን ጫን ቢያደርግ የመጀመሪያው ትርጉም ይወጣል። ‘ደረሰኙን ብቻ’ ብሎ ጥቂት ዕረፍት ወስዶ ‘አትላኩ’ ቢል ደግሞ ሁለተኛው። ጽሑፍ ግን ድምፅም ዕረፍትም የለውም። በጽሑፍ ውስጥ የድምፅን ሥራ የሚሠራው የቃላት ቦታ ነው። ቦታው ሲዛባ ትርጉሙም አብሮ ይዛባል።

ጉዳዩ በጅቡቲ ከተማ የተለየ ክብደት አለው። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይገለጻል። ዕቃው ከዶራሌ ወደቦች በጭነት መኪና በጋላፊ በኩል፣ አሊያም እአአ በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት በጀመረውና ወደ 750 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ወደ ኢትዮጵያ ይገባል። ከዕቃው በፊት ግን ብዙ ጽሑፍ ይጓዛል። አስመጪው ለትራንዚተሩ፣ ትራንዚተሩ ለመርከብ ወኪሉ፣ ወኪሉ ለሾፌሮች አሰማሪ ይጽፋል። የጅቡቲ ይፋዊ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና አረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ ሶማሊኛና አፋርኛ ይናገራል፤ የመርከብ ሰነዶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይዘጋጃሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መልእክት ደግሞ ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ከላኪው እስከ መጨረሻው አንባቢ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊተረጎም ይችላል።

ኮንቴይነር ከመርከብ ከተራገፈ በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚቆይባቸው ቀናት የተወሰኑ ናቸው። ቀናቱ ካለፉ የኮንቴይነሩ መዘግየት ክፍያ፣ በተለምዶ ዲመሬጅ የሚባለው፣ በየቀኑ ይቆጠራል፤ የማከማቻ ክፍያም ይጨመርበታል። “ምን ማለታችሁ ነው?” የሚል አንድ ኢሜይል ተልኮ መልስ እስኪመጣ አንድ የሥራ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ኢሜይሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከተላከ ደግሞ፣ ዓርብ የጅቡቲ፣ እሑድ የኢትዮጵያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ መልሱ የበለጠ ሊዘገይ ይችላል።

ቃሉ የሚገድበው የቀደመውን ነው

በአማርኛ ‘ብቻ’ የሚገድበው ከፊቱ ያለውን ቃል ወይም ሐረግ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ውጤቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቢሞከር በግልጽ ይታያል። “ሰኞ ሦስት ኮንቴይነሮችን ወደ ሞጆ በባቡር ላኩ” የሚል ትእዛዝ እንውሰድ።

“ሰኞ ብቻ ሦስት ኮንቴይነሮችን ወደ ሞጆ በባቡር ላኩ” ቢባል በሌላ ቀን መላክ ተከልክሏል። “ሰኞ ሦስት ኮንቴይነሮችን ብቻ ወደ ሞጆ በባቡር ላኩ” ቢባል አራተኛው ኮንቴይነር ይቀራል። “ሰኞ ሦስት ኮንቴይነሮችን ወደ ሞጆ ብቻ በባቡር ላኩ” ቢባል ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ አይኖርም። “ሰኞ ሦስት ኮንቴይነሮችን ወደ ሞጆ በባቡር ብቻ ላኩ” ቢባል ደግሞ የጭነት መኪና መጠቀም አይቻልም። ቃላቱ አልተለወጡም፤ አንዷ ቃል ቦታ በቀየረች ቁጥር ግን አራት የተለያዩ ትእዛዞች ወጡ።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ‘ኦንሊ’ የሚለውን ቃል በንግግር ልማድ ከግሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ የሚገደበው ነገር የቱ እንደሆነ የሚነግረው የድምፅ ጫና ነው። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ኢሜይል “መረመርን” ከሚለው ግስ ፊት ‘ኦንሊ’ን አስቀምጦ “በዶራሌ ሦስት ኮንቴይነሮችን መረመርን” ቢል፣ አንባቢው “የመረመርነው ሦስት ብቻ ነው”፣ “የመረመርነው በዶራሌ ብቻ ነው” ወይም “መረመርን እንጂ አላራገፍንም” ብሎ ሊረዳው ይችላል። ተርጓሚው ቃሉን ባገኘበት ቦታ ወደ አማርኛ ካመጣው ጥርጣሬውንም አብሮ ያመጣዋል።

ፈረንሳይኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። ‘ብቻ’ን ለመግለጽ ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ከግሱ በፊት ይገባል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሚገደበው ሐረግ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ጅቡቲ ውስጥ የእንግሊዝኛውን ኢሜይል ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልስ ሠራተኛ ከሦስቱ ትርጉሞች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የመረጠው የተሳሳተውን ከሆነ፣ ከእሱ በኋላ የሚያነበው ሰው ጥርጣሬ እንደነበረ እንኳ አያውቅም።

‘ብቻ’ በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ከመጣ ደግሞ ሥራው ይለወጣል። “ብቻ ሰነዱን ላኩ” ሲባል አንባቢው የሚሰማው “ሌላው ይቅርና፣ ያም ሆነ ይህ ሰነዱን ላኩ” የሚል ማሳሰቢያ ነው። ጸሐፊው “ሰነዱን እንጂ ሌላ አትላኩ” ሊል ፈልጎ ከነበረ አልተሳካለትም።

ደንቡ የማይበቃባቸው ሁለት ቦታዎች

‘ብቻ’ን ከሚገድበው ቃል ኋላ ማስቀመጥ አብዛኛውን ችግር ይፈታል፤ ሁሉንም ግን አይፈታም። የመጀመሪያው ችግር የሚፈጠረው በ‘እና’ ወይም በ‘-ና’ የተያያዙ ነገሮች ሲኖሩ ነው። “ዋናውን ሰነድና የክፍያ ደረሰኙን ብቻ ላኩ” በሚለው ውስጥ ‘ብቻ’ ሁለቱንም ይገድባል ወይስ ደረሰኙን ለብቻው? በመጀመሪያው ንባብ የሚላኩት ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ግን ከዋናው ሰነድ ጋር የሚያያዙ ሌሎች ወረቀቶች ሊላኩ ይችላሉ፤ ከክፍያ ወረቀቶች ግን ደረሰኙ ብቻ ነው የሚፈለገው። ቃሏን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ይህን አይፈታውም። መፍትሔው ቁጥር መጨመር ነው፦ “ሁለት ሰነዶችን ብቻ ላኩ፤ እነሱም ዋናው ሰነድና የክፍያ ደረሰኙ ናቸው።”

ሁለተኛው ችግር አሉታ ነው፤ በመግቢያው የታየችው ዐረፍተ ነገር የዚህ ምሳሌ ናት። ‘ብቻ’ እና ‘አት-’ ወይም ‘አል-’ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ፣ አሉታው ‘ብቻ’ን ይነካ ወይም ግሱን ይነካ መለየት አይቻልም። “ሦስቱ ኮንቴይነሮች ብቻ አልተፈተሹም” የሚለውም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ሳይፈተሹ ቀርተው ሌሎቹ ተፈትሸዋል? ወይስ ከሦስቱም በላይ ተፈትሿል? እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር በማስተካከል አይድንም፤ ፈርሶ በአዎንታ መጻፍ አለበት። “ደረሰኙንም ዋናውን ሰነድም ላኩ” ወይም “ከደረሰኙ በቀር ሁሉንም ላኩ” ማለት ያሻል።

ከሞላ ጎደል፣ ማለት ይቻላል እና ‘ወደ’

እንግሊዝኛ ‘ኦልሞስት’ በሚላት አንዲት ቃል የሚሠራውን አማርኛ በተለያዩ መንገዶች ይሠራዋል። ይህ ለጸሐፊው ጥቅም አለው፤ ምርጫው ራሱ ትርጉሙን ይለያልና። “ኮንቴይነሩ ሊወድቅ ነበር” ሲባል አልወደቀም። “ካርቶኖቹ ከሞላ ጎደል ደርሰዋል” ሲባል አብዛኛው ደርሷል፤ ጥቂት ቀርቷል። በእንግሊዝኛ ግን ያችው ቃል አንድ ቦታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብትል ‘ሰነዶቹን ሁሉ ላጣ ነበር’ የነበረው ‘ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሰነዶች አጣሁ’ ይሆናል። በአንደኛው ሰነዶቹ በእጅ ናቸው፤ በሁለተኛው ጠፍተዋል።

አማርኛው የሚሳሳተው ‘ማለት ይቻላል’ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲንጠለጠል ነው። “ሁሉም ዕቃ ተራግፏል ማለት ይቻላል” የሚለው ሐረግ መላውን ዐረፍተ ነገር ይሸፍናል። አንባቢው ማራገፉ ተጀምሮ አለመጠናቀቁን፣ ጥቂት ዕቃ መቅረቱን፣ ወይም ጸሐፊው ስለጉዳዩ እርግጠኛ አለመሆኑን መለየት አይችልም። ‘ሁሉም ማለት ይቻላል’ ብሎ ከመጠኑ አጠገብ ማስቀመጥ ትርጉሙን ያጠብባል። በጭነት ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚሻለው ሐረጉን በቁጥር መተካት ነው፤ የቀረው ስንት እንደሆነ ከታወቀ ‘ማለት ይቻላል’ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።

የአማርኛ ብቻ የሆነ ወጥመድም አለ። ‘ወደ’ አቅጣጫንም ግምትንም ይገልጻል። “ወደ 30 ኮንቴይነሮች ደርሰዋል” ሲባል ግምት መሆኑ ግልጽ ነው። “ዕቃው ወደ ሦስት መጋዘኖች ተዛውሯል” ሲባል ግን መጋዘኖቹ በትክክል ሦስት ናቸው ወይስ ሦስት ያህል? በእንዲህ ያለው ቦታ ግምት ከሆነ ከቁጥሩ ኋላ ‘ያህል’ን ማስገባት፣ ትክክለኛ ቁጥር ከሆነ ደግሞ መጋዘኖቹን በስም ወይም በቁጥር መጥራት ጥርጣሬውን ያጠፋዋል።

ባለቤቱን ያጣ ሐረግ

“ወደብ ከደረሰ በኋላ ሰነዱ ተመረመረ” የሚል መልእክት መጣ እንበል። ወደብ የደረሰው ማን ነው? ሰዋስዉን ይዞ ለሚያነብ የደረሰው ሰነዱ ነው። ጸሐፊው ግን ሾፌሩን ወይም መርከቡን አስቦ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ መምህራን ደጋግመው የሚያርሙት ስሕተት ይህ ነው፦ ድርጊቱ አለ፣ አድራጊው ግን ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል፤ ሐረጉም በአቅራቢያው ያገኘውን ስም ይዞ ይንጠለጠላል።

አማርኛ ከዚህ ስሕተት በከፊል የሚጠብቅ አጥር አለው። ግሱ ባለቤቱን በራሱ ላይ ይሸከማልና። በሰዋስው መጻሕፍት ቦዝ አንቀጽ የሚባለው ቅርጽ ‘ደርሼ’፣ ‘ደርሰን’፣ ‘ደርሳ’፣ ‘ደርሳችሁ’ እያለ ማን እንደደረሰ ይናገራል። “ወደብ ደርሰን ሰነዱ ተመረመረ” ቢባል የደረስነው እኛ ነን፤ ሰነዱ ሊሆን አይችልም። እንግሊዝኛው ግን በዚያ ቦታ ባለቤቱን የማይነግር ቅርጽ ይጠቀማል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መፈተኛ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ኢሜይል የሚጽፍ አማርኛ ተናጋሪ የመክፈቻ ሐረጉን በልቡ ወደ አማርኛ ቢመልሰው፣ ‘ደርሼ’ ይሁን ‘ደርሶ’ ወይም ‘ደርሰው’ የሚለውን መምረጥ አለበት። ምርጫው ከዋናው ግስ ባለቤት ጋር አንድ ከሆነ እንግሊዝኛው ደህና ነው። ካልሆነ ሐረጉ ተንጠልጥሏል፤ አድራጊው በስም መጠራት አለበት።

አጥሩ ግን ሦስት ክፍተቶች አሉት። የመጀመሪያው ‘መድረስ’፣ ‘መውጣት’፣ ‘መላክ’ ያለ ምንም ቅጥያ ሲመጡ ነው። “ከወደቡ ከመውጣት በፊት ክፍያው ይጠናቀቅ” በሚለው ውስጥ የሚወጣው መኪናው ነው፣ ኮንቴይነሩ ወይስ ሾፌሩ? ‘ከመውጣቱ’፣ ‘ከመውጣታችን’ ወይም ‘ከመውጣታችሁ’ የሚለው ቅጥያ ጥያቄውን ያጠብበዋል፤ ‘መኪናው ከመውጣቱ’ ደግሞ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ክፍተት ሁሉም ተሳታፊ ነጠላ ወንድ ሲሆን ነው። “ትራንዚተሩ ለሾፌሩ ማኅተሙ ተሰብሮ እንዳገኘው ነገረው” ሲባል ማኅተሙ ተሰብሮ ያገኘው ትራንዚተሩ ነው ወይስ ሾፌሩ? ማኅተም በማን እጅ ሳለ ተሰበረ የሚለው ጥያቄ የጠፋ ዕቃን ተጠያቂነት ሊወስን ስለሚችል፣ እዚህ ላይ ስሙን መድገም ያስፈልጋል። መደጋገሙ ለጆሮ ባይጥምም ለጉዳዩ ይበጃል።

ሦስተኛው ክፍተት ከአክብሮት የሚመጣ ነው። አማርኛ ‘እነሱ’ን እና ‘እርሳቸው’ን በግስ ላይ አይለይም። “ሠራተኞቹ ሲደርሱ ኃላፊው ፈርመዋል” ቢባል የፈረሙት ኃላፊው ናቸው። “ኃላፊው ሠራተኞቹን አነጋግረው እንደጨረሱ ፈርመዋል” ቢባልም አንባቢው ኃላፊውን ይይዛል። “ኃላፊው ሠራተኞቹ ከወደቡ እንደወጡ ፈርመዋል ብለዋል” የሚለው ግን የፈረመው ማን እንደሆነ አይነግርም፤ ‘ፈርመዋል’ ለአንድ አንቱ ለሚባል ሰውም ለብዙ ሰዎችም ይሆናልና። ቅርጹ አንድ በመሆኑ መለየት የሚቻለው ስምን በመጥራት ብቻ ነው።

አንድ ኢሜይል ሲታረም

የተነገሩትን በአንድነት ለማየት ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተላከ የሚከተለውን መልእክት ማሰብ ይቻላል፦

“ትናንት ሾፌሩ የተራገፈውን ኮንቴይነር እንደተረከበ ነግሮናል። ዕቃው ሁሉ ወደ ሦስት መጋዘኖች ተዛውሯል ማለት ይቻላል። ከወደቡ ከመውጣት በፊት ዋናውን ሰነድና የክፍያ ደረሰኙን ብቻ ላኩልን።”

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ‘ትናንት’ ከፊቷ ሦስት ግሶች አሉ። ትናንት የሆነው መራገፉ ነው፣ መረከቡ ነው ወይስ መንገሩ? ልዩነቱ የገንዘብ ነው። ያለ ክፍያ የሚቆየው ጊዜ የሚቆጠረው ከመራገፍ ከሆነ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት የተራገፈን ኮንቴይነር ትናንት እንደተራገፈ የሚያስብ አስመጪ ሰባት ቀን አለኝ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። የጊዜ ቃል ከግሱ በራቀ ቁጥር ሌላ ግስ ይይዛታል፤ ስለዚህ የጊዜ ቃል የሚገባት ከምትገልጸው ግስ አጠገብ ነው።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ሁለት የግምት ቃላት አሉ፤ አንዷ ‘ወደ’፣ ሌላዋ ‘ማለት ይቻላል’። አስመጪው የቀረ ዕቃ መኖሩን፣ ካለም የት እንዳለ አያውቅም። በሦስተኛው ደግሞ የሚወጣው ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ ‘ብቻ’ም በ‘-ና’ ከተያያዙ ሁለት ነገሮች ኋላ ቆማለች።

መልእክቱ ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

“ኮንቴይነሩ ባለፈው ሰኞ ተራግፏል። ሾፌሩ ትናንት ተረክቦታል፤ መረከቡንም ዛሬ ጠዋት ነግሮናል። ከ412 ካርቶኖች 396ቱ ቁጥር 1፣ 2 እና 3 መጋዘኖች ገብተዋል፤ 16ቱ ገና ኮንቴይነሩ ውስጥ ናቸው። መኪናው ከወደቡ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰነዶችን ላኩልን፤ እነሱም ዋናው የጭነት ሰነድና የክፍያ ደረሰኙ ናቸው። ሌላ ሰነድ አያስፈልግም።”

የታረመው ከመጀመሪያው ይረዝማል። የረዘመውም በሦስት ምክንያት ነው፦ እያንዳንዱ ግስ የራሱን ቀን አግኝቷል፣ ግምቱ በቁጥር ተተክቷል፣ ‘ብቻ’ ወጥታ በቦታዋ “ሌላ ሰነድ አያስፈልግም” የሚል የማያሻማ ዐረፍተ ነገር ገብቷል። ይህ የመጨረሻው ለ‘ብቻ’ ሁሉ የሚያገለግል መፈተኛ ነው። ጸሐፊው ‘ብቻ’ን ባየ ቁጥር “የተከለከለው ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ይችላል። መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልተጻፈ፣ ጸሐፊው ራሱ የትኛውን እንዳሰበ ገና አልወሰነም ማለት ነው።

መፈተኛው የማይደርስበት ቦታም አለ። ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ያሰበውን ድምፅ ይሰማል፤ ስለዚህ ጥርጣሬው አይታየውም። በትራንዚት ሥራ ውስጥ ላለ ሰው ያለው ቀላል መላ መልእክቱን ጉዳዩን ለማያውቅ ባልደረባ አሳይቶ “ምን ትልካለህ? መቼ? ማን ነው የሚወጣው?” ብሎ መጠየቅ ነው። ባልደረባው ከተጠራጠረ፣ ጅቡቲ ያለው አንባቢም መጠራጠሩ አይቀርም። ልዩነቱ ባልደረባው በአጠገቡ ያለውን ጸሐፊ ጠይቆ ወዲያው መልስ ማግኘቱ ነው፤ የጅቡቲው ወኪል ግን መልስ እስኪመጣለት ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ይጠብቃል።